ያው ቪዲዮ ማክ ላይ ነጣ፣ ቲቪ ላይ ሰማያዊ፣ ስልክ ላይ ጮኸ፦ የከለር ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ስራዬ ከለር ነው፣ በብዛት የሰርግና የማስታወቂያ ቪዲዮ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የካሜራ ዋጋ እንዳትጠይቁኝ ብቻ።

ሚኪ፦ ዳቪንቺ ላይ ሰርግ ግሬድ አድርጌ ኤክስፖርት ሳደርገው ማክ ላይ በኩዊክታይም ስከፍተው ነጣ ብሎ ይመጣል፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ግራጫ ሆነ። ኤክስፖርቴ ነው የተበላሸው?

ፋይልህ ደህና ነው ሚኪ፣ ሁለቱ ፕሮግራሞች ናቸው አንዱን ቁጥር በሁለት መንገድ የሚያነቡት። ቪዲዮ ፋይል ውስጥ ከለር የለም፣ ቁጥር ነው ያለው፣ ቁጥሩ ምን ያህል ብርሃን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ጋማ የምንለው ነገር ነው። የሱፉን እጥፋት ተወውና መሀል ላይ ያለ ግራጫ ውሰድ፣ ቁጥሩ ግማሽ ማለትም 0.5 ይሁን። ጋማው 2.4 የሆነ የስቱዲዮ ሞኒተር ከሙሉ ብርሃኑ 19 ፐርሰንት ያህል ያወጣል፣ 2.2 የሆነ ተራ ስክሪን 22፣ ኩዊክታይም ደግሞ ሬክ 709 የሚል ታግ፣ ማለትም የተለመደው የቪዲዮ ከለር ልክ፣ ያለበትን ፋይል ወደ 1.96 በሚጠጋ ጋማ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ 26 አካባቢ ይመጣል። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩም ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ መሀሉ ብቻ ነው ወደ ላይ የሚነሳው፣ ሱፍና ፀጉር ደግሞ እዛው ነው ያሉት።

ሌላም ነገር አለ። አዳዲሶቹ የማክ ስክሪኖች ሰፊ ከለር ያላቸው ናቸው፣ ፒ3 የሚባለው። ዳቪንቺ ምንም ካልነገርከው ቁጥሩን እንዳለ ስክሪኑ ላይ ይወረውረዋል፣ ስለዚህ ግሬድ ስታደርግ ያየኸው ከለር ከእውነቱ የደመቀ ነበር። ኩዊክታይም ግን ወደ 709 ይመልሰዋል። እና «ነጣ» ያልከው ግማሹ መጀመሪያ ላይ የተጋነነ ነገር ስላየህ ነው።

የምታደርገው፦ ፕሪፈረንስ ውስጥ `Use Mac display color profiles for viewers` የሚለውን ቲክ አድርግ፣ አውትፑት ከለር ስፔሱን `Rec.709-A` አድርገው። ከዛ በኋላ ዳቪንቺና ኩዊክታይም ይስማማሉ። ዋጋው ግን አለ፣ ያው ፋይል ዊንዶውስና ቲቪ ላይ አንተ ካየኸው ጨለም ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ደንበኛህ በምን እንደሚያይ ጠይቀው።

ዮኒ ኤዲት፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ጋማውን የሚያወርድ ላት ጣል አድርጎ ኤክስፖርት ነው፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው

ላት ቁጥሩን በሌላ ቁጥር የሚቀይር ሰንጠረዥ ነው፣ ማክ ላይ ትክክል ነህ፣ ይሰራል። ግን ያንን ፋይል ቲቪ ላይ ክፈተው፣ ቲቪው የኩዊክታይም ችግር የለበትም፣ አንተ ደግሞ መድኃኒቱን ፋይሉ ውስጥ ጨምረህበታል፣ ፊት ሁሉ ይጨልማል። ለአንድ ፕሌየር ብለህ ቁጥሩን ካበላሸህ ሌላው ሁሉ ይከፍላል። ይልቅ ፋይሉ ምን ታግ እንዳለው እዩ፣ ተርሚናል ላይ ይቺ ትዕዛዝ ትበቃለች፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=color_range,color_space,color_transfer,color_primaries -of default=nw=1 serg.mp4
```

ሦስቱ ላይ `bt709`፣ ሬንጁ ላይ `tv` ካለ ጥሩ ነው። `unknown` ካለ ፋይሉ ስለራሱ ምንም አላለም ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ፕሌየር በግምት ይሄዳል፣ ግምታቸው ደግሞ አንድ አይደለም።

የሰላም እናት፦ ልጄ እኔ የእናንተን ቋንቋ አላውቅም። የልጄን ሰርግ ቲቪ ላይ ስናየው የሀበሻ ቀሚሷ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ፊቷም የታመመች ይመስላል። በስልኬ ሳየው ግን ነጭ ነው። ቪዲዮ የሰራው ልጅ አበላሽቶት ይሆን?

እማዬ ልጁን አይቆጡት፣ እንደነገሩኝ ከሆነ ቲቪው ነው። ቲቪ ከካርቶን ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ከሌሎቹ ደምቆ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተስተካከለው፣ ነጩን ወደ ሰማያዊ ይስቡታል፣ አይን ሰማያዊ የነካውን ነጭ «ንፁህ» ይለዋልና። ቪዲዮ ሲሰራ ነጭ የሚባለው 6500 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ቲቪው በዛ ሁኔታው ላይ ከ9000 በላይ ሊሄድ ይችላል። ባዶ ግድግዳ ቢሆን አያስታውቅም፣ ሙሉ ስክሪን ነጭ ቀሚስ ሲሆን ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፊቷም ቀይነቱን ሲያጣ በሽተኛ ትመስላለች።

ሪሞቱን ይያዙና ሴቲንግ ውስጥ ፒክቸር ሞድ የሚለውን ይፈልጉ። `Vivid` ወይም `Dynamic` ወይም `Standard` ላይ ይሆናል፣ ወደ `Movie` ወይም `Cinema` ይቀይሩት፣ `Filmmaker Mode` የሚል ካለ እሱን ይምረጡ። መጀመሪያ ቢጫ የሆነ ይመስልዎታል፣ ወዲያው አይመልሱት፣ አንድ ሙሉ ፊልም ይዩበት፣ አይንዎ ይለምደዋል። ከዛ በኋላም ቀሚሱ ሰማያዊ ከሆነ ያኔ ልጁን ይጥሩት።

ናቲ፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር ነው፣ ቪዲዮ በቴሌግራም ስልከው ጥራቱ ይወርዳል፣ ይደበዝዛል፣ ምን ላድርግ

ናቲ ያንተ ሌላ ነው፣ ያ መጭመቅ ነው እንጂ ከለር አይደለም። እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው።

ቤቲ ዘ ጎንደር፦ ጥለቱ ላይ ያለው ቀይና አረንጓዴ በኔ ሳምሰንግ ስልክ ሲታይ ይጮሃል፣ አይን ይወጋል። ኮምፒውተሬ ላይ ግን ልከኛ ነው። ቢት ሬት ይሆን?

ቢት ሬት አይደለም ቤቲዬ። «አምስት ቁና ጤፍ» ብልሽ የማን ቁና ብለሽ ትጠይቂኛለሽ አይደል? ፋይሉ «ቀይ፣ እስከ መጨረሻው» ሲል እንደዛው ነው፣ የማን መጨረሻ? የ709 መጨረሻ ቀይ አንድ ቦታ ነው፣ የስልክሽ ስክሪን የሚደርስበት ቀይ ከዛ አልፎ ነው። ስልኩ `Vivid` ላይ ከሆነ ከለሩን ወደራሱ መጨረሻ ይለጥጠዋል፣ ጥለቱም ይጮሃል። ዲስፕሌይ ውስጥ `Screen mode` አለ፣ `Natural` አድርጊው፣ የ709ን ልክ ለመጠበቅ ይሞክራል። አይፎን በራሱ ይሄን ያደርጋል፣ እዛ ላይ የሚያሳስቱት `True Tone` እና `Night Shift` ናቸው፣ ከለር ልታረጋግጪ ስትዪ ሁለቱንም አጥፊ።

ዮኒ ኤዲት፦ ታዲያ ፒ3 ሰፊ ከሆነ ለምን ሁሉንም በፒ3 ኤክስፖርት አናደርግም? ትልቅ ይሻላል

ታጉን የሚያነብ ስክሪን ላይ ያምራል። የማያነብ ግን የፒ3ን ቁጥር እንደ 709 ያሳየዋል፣ ያኔ ጥለቱ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል፣ ፊትም ይገረጣል። ለሰርግ ደንበኛ 709። ሌላውን በትዕዛዝ ብቻ።

ከሪያድ፦ ላፕቶፔን በኤችዲኤምአይ ቲቪ ላይ ሰክቼ ስከፍት የወንዶቹ ሱፍና ፀጉር አንድ ጥቁር ነገር ይሆናል፣ ያው ፋይል በፍላሽ ሲከፈት ግን እጥፋቱ ይታያል

ይሄ በጣም ግልፅ ምልክት ነው፣ በፍላሽ መሞከርህ ጎበዝ። ቪዲዮ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል፣ ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255 ይጠቀማል። ላፕቶፕህ በ0 እስከ 255 እየላከ ቲቪው 16ን እንደ ጥቁር ከጠበቀ ከ16 በታች ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ይሆናል፣ ነጭ ቀሚስ ላይም ዝርዝሩ ይጠፋል። በተቃራኒው ቢሆን ጥቁሩ ግራጫ ይሆን ነበር፣ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመር ጭስ ሲመስል ታየዋለህ። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ `Black Level` የሚል ፈልግ፣ ወይም ግራፊክስ ካርድህ ላይ `Output dynamic range`። አንዱን ብቻ ቀይር፣ ሁለቱን ከቀየርክ ተመልሰህ እዛው ነህ።

ሄኖክ ስቱዲዮ፦ እኔ ካሊብሬተር ገዛሁ፣ ዊንዶውስ ላይ ሰራሁት፣ ፕሮፋይሉም ተጭኗል፣ ዳቪንቺ ላይ ግን ከለሩ አሁንም የተጋነነ ነው። ብሬን በላብኝ?

አልበላብህም፣ ግን ግማሹን ስራ ነው የሰራኸው። ካሊብሬተሩ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ብርሃን ይለካል፣ ከዛ ሁለት ነገር ይሰራል። አንደኛ ነጩንና ግራጫውን ያስተካክላል፣ ይሄ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሚጫን ሁሉም ፕሮግራም ላይ ይሰራል። ሁለተኛ ስክሪንህ እስከ የት ድረስ ከለር እንደሚያወጣ ፕሮፋይል ውስጥ ይፅፋል፣ ይሄን ግን የሚያነበው ፈልጎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ ፎቶሾፕ ያነባል፣ ዳቪንቺ ዊንዶውስ ላይ አያነብም። ሞኒተርህ ሰፊ ከለር ያለው ከሆነ ግራጫው ልክ ሆኖ ቀዩ ይጮሃል፣ የምትለው ይሄንን ነው።

መውጫው፣ ሞኒተሩ ራሱ ላይ `sRGB` ወይም `Rec.709` ሞድ ካለ እሱ ላይ አድርገህ እንደገና ለካ። ካልሆነ ዲስፕሌይካል ከሚለው ነፃ ሶፍትዌር 3ዲ ላት አውጥተህ ዳቪንቺ ውስጥ ለቪውወሩ ብቻ ጫነው፣ ታይምላይኑ ላይ እንዳትጭነው፣ ኤክስፖርት ውስጥ ይገባብሃል። ስትለካ ነጩን D65፣ ያው የ6500 ኬልቪኑ ነጭ፣ ብርሃኑን ክፍሉ ጨለማ ከሆነ 100 ኒት፣ መብራት ካለ 120 አካባቢ። ስክሪን ስለሚያረጅ ወር በወር ድገመው።

ካሊብሬተር የማያደርገውንም ልንገርህ፦ ርካሽ ፓነል ጥቁር ካላወጣ ጥቁር አያመጣልህም፣ የደንበኛህን ስልክም አይነካም። ጥቅሙ ደንበኛው «ሰማያዊ ነው» ሲል ሰማያዊው ከማን በኩል እንደመጣ ማወቅህ ነው።

ሚኪ፦ እሺ አንድ መጨረሻ፣ ለዩቲዩብ ግሬድ የማደርገው በ2.4 ነው በ2.2?

ይሄ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። 2.4 የመጣው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ለሚታይ ቲቪ ነው፣ ዩቲዩብ የሚያይ ሰው ግን ታክሲ ውስጥ ወይም መብራት ስር ነው ያለው። እኔ መብራት በርቶ በ2.2 ነው የምሰራው፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ በ2.4 ይሰራል፣ ደንበኛ ልዩነቱን ነግሮን አያውቅም።

ሄኖክ ስቱዲዮ፦ እኔ 2.4 ባይ ነኝ፣ በ2.2 የሰራኸው ሳሎን ውስጥ ማታ ሲከፈት ይጨልማል

ይጨልማል፣ ልክ ነህ። በ2.4 የሰራኸው ደግሞ ቀን ስልክ ላይ ይነጣል። ለቲቪ ማስታወቂያ ሲሆን እኔም 2.4 ነው የማደርገው፣ ጣቢያው ስለሚጠብቀው። ለዩቲዩብ ግን ገና አላሳመንከኝም።