384 ከየት መጣች? ሰርቬይ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰርቬይ መሥራት ከጀመርኩ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የተመራቂ ቴሲስ በገለጥኩ ቁጥር የናሙና ብዛት ሆና የማላጣት ቁጥር 384 ናት። ላልተገኘና እምቢ ላለ ሰው ተብሎ 10 ፐርሰንት ሲጨመርባት ደግሞ 422 ወይ 423 ትሆናለች። ከየት መጣች ስላችሁ «ፎርሙላው ነው ያወጣት» ትሉኛላችሁ፣ እሱማ ልክ ነው፣ ግን ፎርሙላውን እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩት።

```
n = 1.96² × p × (1 − p) / d²
```

n የምትጠይቁት ሰው ብዛት ነው፣ p የምትለኩት ነገር ከመቶው ስንቱ ላይ ይገኛል ብላችሁ የምትገምቱት ድርሻ፣ 1.96 ደግሞ ለ95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ የሚገባው ቁጥር። p 0.5፣ d ደግሞ 0.05 ሲሆን 384 ይወጣል። d ማርጂን ኦፍ ኤረር ነው፣ ካገኛችሁት ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም የምትተዉት ክፍተት፣ የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ስፋት የእሱ እጥፍ ነው። ቁም ነገሩ d ስኩዌር ሆኖ ከታች መቀመጡ ነው፣ በግማሽ ስትቀንሱት n አራት እጥፍ ይሆናል።

ለምን እንደዚህ ሆነ ለሚል ሰው ሁሌ በሳንቲም ነው የማስረዳው። ሳንቲም 100 ጊዜ ብትወረውሩ 50 አንበሳ ትጠብቃላችሁ፣ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ 5 ያህል ከፍ ወይ ዝቅ ይላል። 400 ጊዜ ብትወረውሩስ? ከ200 የሚርቀው 20 ሳይሆን 10 ያህል ነው፣ ምክንያቱም አንዱ መቶ ላይ የበዛው ሌላው መቶ ላይ በጎደለው ይጣፋል፣ ሁሉም ግን አይጣፋም፣ ስለዚህ ውርወራው አራት እጥፍ ሲሆን መራቁ የሚያድገው እጥፍ ብቻ ነው። አሁን ወደ ፐርሰንት ቀይሩት፣ 5 ለ100 አምስት ፐርሰንት ነው፣ 10 ለ400 ሁለት ተኩል። ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ጤና ተቋም ስለሚወልዱ እናቶች በአራት ቀበሌ 384 እናቶች ጠይቀን 60 ፐርሰንት አገኘን፣ ማርጂኑ 5 ገደማ ስለሆነ ኢንተርቫሉ ከ55 እስከ 65 ነበር። ሥራውን ያሠራን ሰው «ሰፊ ነው፣ ወደ 2.5 አውርዱልኝ፣ ናሙናውን እጥፍ አድርጉት» አለን። እጥፉ 768 ነው፣ ሲሰላ ግን ማርጂኑ የሚወርደው ወደ 3.5 ብቻ ነው። 2.5 ለመድረስ 1,536 እናት ያስፈልጋል። ስድስት ዳታ ሰብሳቢ ነበረን፣ አንዱ በቀን 8 ሰው ይጠይቃል፣ ስለዚህ በ8 ቀን ያለቀው ሥራ 32 ቀን ይፈጃል፣ አበሉም የመኪናው ኪራይም አብሮ አራት እጥፍ።

ይሄ ሕግ ወደ ኋላም ይሠራል፣ እናንተን የሚጥላችሁ ይሄኛው ነው። በኋላ ውጤቱን በቀበሌ ከፋፍላችሁ አምጡ ተባልን። 384ን ለአራት ስትከፍሉት ለአንድ ቀበሌ 96 ሰው ነው የሚደርሰው፣ ናሙናው ሩብ ሲሆን ማርጂኑ እጥፍ ይሆናል፣ ወደ 10 ማለት ነው። አንዱ ቀበሌ 66 ሌላው 56 ፐርሰንት ነበር፣ እና አንዱ ወጣት ባልደረባችን ሪፖርቱ ላይ «ይሄኛው ቀበሌ ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ጻፈ። የሁለቱ ልዩነት 10 ነው፣ የልዩነቱ የራሱ ማርጂን ግን 14 ገደማ ነው፣ ከ10 ላይ 14 ወደ ታች ስትወርዱ ኢንተርቫሉ ዜሮን አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ምንም ልዩነት ላይኖር ይችላል። አረፍተ ነገሩን አስወጣሁት፣ ምክንያቱም በዛች አንዲት መስመር የአንድ ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሲወቀሱ ይከርሙ ነበር። ቀበሌን ከቀበሌ ልታወዳድሩ ካሰባችሁ ሳምፕሉን ከመጀመሪያው ለዚያ ነው ማስላት ያለባችሁ፣ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ማንም አያድናችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ይሄ ሁሉ ሂሳብ ሰው በዕጣ አንድ በአንድ ሲመረጥ ነው። መንደር መርጣችሁ እዚያው ጎረቤት ለጎረቤት ከጠየቃችሁ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ማርጂኑ ይሰፋል፣ ለዚህ ነው ዲዛይን ኢፌክት ተብሎ ብዙ ጊዜ በ2 የሚባዛው።

መጨረሻ ላይ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ 1,536ቱን ተውነው። ዳታ ሰብሳቢዎቹ ቤቱ ዝግ ሲሆንባቸው ቀጣዩን ቤት አንኳኩተው ይሞሉ ነበር፣ ቀን ቤት የማይገኙት ደግሞ ሥራና ገበያ የሚውሉ እናቶች ናቸው፣ እነሱን ዘሎ የተሰበሰበ ዳታ አራት እጥፍ ቢሆን ኢንተርቫሉ ይጠባል እንጂ ቁጥሩ ከተሳሳተበት ቦታ ፈቀቅ አይልም። ማርጂኑን 5 ላይ ትተን ብሩን ወደዚያ አዞርነው፣ ልጆቹ በተዘጉት ቤቶች ማታ ማታና እሁድ እየተመለሱ አንኳኩ።