መቶ ጊዜ ተገልብጦ ሁለት መቶ የሚቆጥር የዝናብ መለኪያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ጦሳ ሥር ነው የምኖረው። ባልዲው እየተገለበጠ የሚቆጥር የዝናብ መለኪያ ጣሪያ ላይ ሰቅዬ በ20 ሜትር ሽቦ ከአርዱኢኖ ኡኖ ጋር አገናኘሁት። አፉ 16 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። አንዱ ግልበጣ 0.2 ሚሊሜትር ነው ይላል። መጀመሪያ በሉፕ ውስጥ ፒኑን እያነበብኩ ስቆጥር ግማሹን ይስት ነበር። ወደ ኢንተራፕት ስቀይረው ደግሞ የ15 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ አስገብቼም ያበዛል። 400 ሚሊሊትር ውሃ አፍስሼበት 194 አለኝ። የጎረቤት ፓምፕ ሲነሳም ዝናብ ሳይኖር ይቆጥራል። በዚሁ ኮድ ወደ ሮቶ የሚገባውን ውሃ በፍሎሜትር መቁጠርስ እችላለሁ?

መልስ፦ 194 የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። 16 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ አፍ 200 ካሬ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 4 ሚሊሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 400 ሚሊሊትር 100 ግልበጣ መስጠት ነበረበት። ዝም ብሎ ረብሻ ቢሆን አንዴ 130፣ አንዴ 260 እያለ ይዘባርቅ ነበር። እጥፍ አካባቢ ከቆመ ግን እያንዳንዱ ግልበጣ በአንድ የታወቀ ቦታ ሁለቴ እየተቆጠረ ነው።

ቦታውን ለማግኘት ባልዲው ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ባልዲው ላይ ማግኔት አለ። ከጎኑ ደግሞ በመስታወት ውስጥ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ሪድ ስዊች የሚባለው እሱ ነው። ማግኔቱ ሲያልፍ ብረቶቹ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይላቀቃሉ። የተነካኩበት ጊዜ በብዙዎቹ መለኪያዎች 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ሉፕህ ግማሹን የሳተውም በዚህ ምክንያት ነው። ሉፑ አንድ ዙር ለመጨረስ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት፣ 100 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚቆይ ነገር ከሁለት አንዴ ያመልጠዋል። ኤስኤምኤስ እየላከ ከሆነማ ለሰከንዶች ያህል ጭራሽ አያይም። ወደ ኢንተራፕት መቀየርህ ልክ ነው።

ግን ብረት ብረትን ሲነካ ወዲያው አያርፍም። በኃይል የተዘጋ የቆርቆሮ በር እንደሚያደርገው ይነጥራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነካል። ይህ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ይቆያል። ኢንተራፕት ደግሞ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዷን ንጥረት ያያታል። ያንተ 15 ሚሊሰከንድ ማጣሪያ ይህንን በደንብ ይዞታል፤ እዚያ ላይ ችግር የለም።

ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ብረቶቹ ሲላቀቁም ይነጥራሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። «እኔ `FALLING` ነው የመረጥኩት፣ ሲለቅ የሚመጣው ምልክት ወደ ላይ ስለሚወጣ አይመለከተኝም» ይባላል። እውነት ነው፣ ንጹሕ ቢሆን አይመለከትህም ነበር። ነገር ግን ሲለቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ በንጥረት ተመልሶ ይወርዳል፣ ከዚያ ይወጣል። ያቺ መሐል ላይ ያለች መውረድ ለፕሮሰሰሩ እንደ አዲስ ግልበጣ ናት። የመጣችውም ከመጀመሪያው 100 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይታ ስለሆነ 15 ሚሊሰከንዱን ዘላው አልፋለች። ጥቂቶቹ ንጹሕ ሆነው ስለሚለቁ ነው 200 ሳይሆን 194 ያገኘኸው።

በእኔ ቃል ብቻ አትመን። በእያንዳንዱ የተቆጠረ ምልክት መካከል ያለውን ጊዜ በሴሪያል ሞኒተር አሳትም። (ኢንተራፕቱ ውስጥ አታሳትም። ጊዜውን እዚያ ያዝና ሉፑ ያሳትም።) ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እየሆነ ከመጣ፣ አጭሩም ሁሌ 100 አካባቢ ከሆነ አለቀ፤ ምርመራው ተጠናቀቀ። ያንተ ሪድ ስዊች በትክክል ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚዘጋም በዚያው ታውቃለህ።

መፍትሔው ማጣሪያውን ከመዝጊያው ጊዜ ማስበለጥ ነው። እኔ 300 እመርጣለሁ። «እውነተኛ ግልበጣ ያመልጠኝ ይሆን?» ብለህ ከፈራህ አስላው። በሰዓት 200 ሚሊሜትር የሚጥል ውርጅብኝ ቢመጣ እንኳ በሰዓት 1000 ግልበጣ ነው። ይህም በየ3.6 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። 300 ሚሊሰከንድ ከዚያ በጣም ይርቃል።

```cpp
const byte RAIN = 2;
volatile unsigned long tips = 0;
volatile unsigned long lastEdge = 0;

void onTip() {
  unsigned long now = millis();
  if (now - lastEdge > 300) tips++;
  lastEdge = now;
}

void setup() {
  pinMode(RAIN, INPUT_PULLUP);
  attachInterrupt(digitalPinToInterrupt(RAIN), onTip, FALLING);
}
```

`lastEdge` የሚታደሰው ሲቆጠር ብቻ ሳይሆን ምልክት በመጣ ቁጥር መሆኑን ልብ በል። እንዲህ ሲሆን መስመሩ 300 ሚሊሰከንድ ዝም እስኪል ድረስ አዲስ ነገር አይቆጠርም። `millis()` ኢንተራፕቱ ውስጥ አይራመድም፣ ግን የገባበትን ሰዓት በትክክል ይሰጥሃል። `delay()` ግን እዚያ ውስጥ አይሠራም፤ አታስገባው።

ቁጥሩን ሉፑ ውስጥ ስታነብ ደግሞ እንዲህ አድርግ፦

```cpp
noInterrupts();
unsigned long n = tips;
interrupts();
```

ይህ ለጌጥ አይደለም። የኡኖ ፕሮሰሰር ባለ 8 ቢት ነው። ባለ 4 ባይት ቁጥርን አንድ በአንድ ባይት ነው የሚያነበው። ቁጥሩ 255 ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ባይት ካነበበ በኋላ ኢንተራፕት ገብቶ 256 ቢያደርገው፣ የተነበበው ቁጥር 511 ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ስሕተት በወር አንዴ ብቅ ይልና ምክንያቱን ስትፈልግ ፀጉርህን ያስነጭሃል። `tips`ን ወደ ዜሮ አትመልሰው። ያለፈውን ድምር ያዝና ከአሁኑ ቀንስ፤ እንዲህ ሲሆን ባነበብክበትና ዜሮ ባደረግክበት መካከል የሚጠፋ ግልበጣ አይኖርም።

አሁን ወደ ፓምፑ። ይህ ሌላ በሽታ ነው፣ በኮድም አይድንም። የኡኖ የውስጥ ፑልአፕ ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም ነው፤ ለ20 ሜትር ሽቦ ደካማ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ሽቦህ እንደ አንቴና ሆኖ ለማይክሮሰከንዶች የሚቆይ ስፓይክ ይይዛል። ለኢንተራፕት ይህ ይበቃዋል። ለብቻው የመጣ ስፓይክ ስለሆነ 300 ሚሊሰከንዱም አይከለክለውም።

ቦርዱ አጠገብ ሦስት ነገር ጨምር። ከጣሪያ የመጣውን ሽቦ በ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ሳበው። ከዚያው ነጥብ በ1 ኪሎኦም አሳልፈህ ወደ ፒን 2 አስገባ። ከፒን 2 ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርግ። ካፓሲተሩ በግማሽ ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው የሚሞላው። ስለዚህ የማይክሮሰከንድ ስፓይክ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም፣ 100 ሚሊሰከንዱ የባልዲው ምልክት ግን ምንም አይሆንም። 1 ኪሎኦሙ ካፓሲተሩ በሪድ ስዊቹ በኩል በአንድ ጊዜ ተራግፎ ብረቶቹን እንዳያቃጥላቸው ይከላከላል። ካፓሲተሩ አለ ብለህ የኮዱን ማጣሪያ እንዳታነሳው።

ሽቦውም ከኔትወርክ ኬብል አንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ለምልክት፣ አንዱ ለግራውንድ። ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፈው። ለሙከራ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጎረቤትህን ለምነህ ፓምፑን ደጋግሞ ያስነሳልህ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ተሳክቷል። የክረምት መብረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰርኪዩት ከቅርብ መብረቅ ቦርድህን አያድንም።

ከዚያ 400 ሚሊሊትሩን እንደገና ሞክር፣ ግን በቀስታ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ብሳና ለ40 ደቂቃ ያህል ይንጠባጠብ። ይህ በሰዓት 30 ሚሊሜትር የሚጥል ዝናብ ማለት ነው። ባልዲው እየተገለበጠ ሳለ የሚወርደው ውሃ በሞላው በኩል ይፈስና ሳይቆጠር ይሄዳል። ስለዚህ በችኮላ ካፈሰስክ ከ100 ያነሰ ታገኛለህ፤ ያ የኮድ ጥፋት አይደለም። ቀስ ብለህ አፍስሰህም 92 ወይም 109 ካለህ ከባልዲው ሥር ያሉትን ብሎኖች የምትነካው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት እንዳትነካቸው።

በዚሁ ኮድ ፍሎሜትር? አይሆንም። ገበያ ላይ በብዛት ያለውን YF-S201 እንውሰድ። በሊትር 450 ያህል ፐልስ ይሰጣል። በደቂቃ 10 ሊትር ሲፈስ በሰከንድ 75 ፐልስ፣ ማለትም በየ13 ሚሊሰከንዱ አንድ ነው። መስመሩ 300 ሚሊሰከንድ ዝም ብሎ ስለማያውቅ ቆጣሪህ አንድ ይልና ቧንቧው እስኪዘጋ ድረስ ቀጥ ይላል። ፍሎሜትሩን ፒን 3 ላይ በራሱ ኢንተራፕት አድርገው፤ ኡኖ ላይ `attachInterrupt` የሚሠራው በ2 እና በ3 ብቻ ነው። ውስጡ ያለው የሚነጥር ብረት ሳይሆን የሆል ሴንሰር ስለሆነ የጊዜ ማጣሪያ አያስፈልገውም፣ `pulses++` ይበቃል። ያው የሬዚስተርና የካፓሲተር ሰርኪዩት ይሠራለታል። በደቂቃ 30 ሊትር ቢፈስ እንኳ አንዱ ፐልስ 4.4 ሚሊሰከንድ ነው፣ ካፓሲተሩ ይደርስበታል።

ማስተካከያውን በ20 ሊትር ጀሪካን ሥራ። 9000 አካባቢ ማግኘት አለብህ። 8600 ካገኘህ ለ20 አካፍለህ 430ን በኮድህ ተጠቀም። በደቂቃ ከ1 ሊትር በታች የሆነ ፍሰት ግን ፕሮፔለሯን በደንብ ስለማያዞራት የሚንጠባጠብ ቧንቧ አይታይህም። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ። ውሃው ከመድረሱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር እየተገፋ ሲወጣ ፕሮፔለሯን በጣም ያፈጥናታል፣ ቆጣሪውም አየሩን እንደ ውሃ ይቆጥራል። በሰከንድ ከ225 ፐልስ በላይ ካየህ ሴንሰሩ ከተሠራለት 30 ሊትር አልፏልና ያንን ሰከንድ ከድምሩ አውጣው። ከዚያ በታች የሚነፍሰውን አየር በኮድ መለየት አይቻልም። ከፍሎሜትሩ በፊት አየር ማስወጫ ቫልቭ አስገጥም።