ለሆስፒታልና ለፍርድ ቤት ተርጓሚ ወይስ አስተርጓሚ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዳውሮኛ እናገራለሁ፣ እጽፋለሁም። ጅማ ውስጥ በዚህ ሙያ መተዳደር እፈልጋለሁ። ሆስፒታልና ፍርድ ቤት የሚፈልጉት ተርጓሚ ነው አስተርጓሚ? የቱን ልማር? ሰላማዊት ነኝ።»

ሰላማዊት፣ በሁለቱም ቤት በየቀኑ የሚፈለገው አስተርጓሚ ነው። ተርጓሚ ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፣ ያልገባውን ነገ ይጠይቃል። አስተርጓሚ ግን የሚያሻግረው ንግግር ስለሆነ ሰውየው ዝም ባለ ቅጽበት ተራው ይደርሳል። ስለዚህ ጥሩ መጻፍሽ ብቻውን አያዋጣሽም።

ከዳውሮ፣ ከኮንታ ወይም ከከፋ ጅማ ለሕክምና የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉምለት አብሮት የመጣው ዘመድ ነው። አንድ ጊዜ ለእብጠት ቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ አባት ጋር ዘግይቼ ተጠርቼ ገባሁ። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላቸው። እሳቸው በዳውሮኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ግን «የለም ይላሉ» ብሎ ቆረጠው። አባት ያሉት «ለልብ ተብሎ የተሰጠኝን ደም የሚያቀጥን ኪኒን እውጣለሁ፣ ትናንት ማታም ወስጃለሁ» ነበር። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ቀጠሮው እንዳይተላለፍ ፈርቶ ነው። ሐኪሙ ሲሰማ ቀዶ ሕክምናውን አቆይቶ የደም መርጋት ምርመራ አዘዘ። ረጅም ንግግር በአንድ ቃል ከተመለሰ የሆነ ነገር ተበልቷል ማለት ነው። የገባቸው መሆኑን ለማወቅም የተነገራቸውን በራሳቸው አፍ እንዲደግሙ ሐኪሙ ይጠይቃቸው፤ «ገባኝ» ማለታቸው አይበቃም።

ፍርድ ቤት ደግሞ ጥርጣሬውም ሳይቀር ነው የሚተላለፈው። ምስክሩ «ጨለማ ነበር፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም» ካለ «እሱ ነው» ብለሽ ካሳለፍሽ ማስረጃ ፈጥረሻል። «አየሁ ይላል» አይባልም፤ «አየሁ» ነው። ቃሉ ሁለት ትርጉም ካለው ዳኛውን አስፈቅደሽ ምስክሩን ትጠይቂያለሽ እንጂ አትገምቺም። ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ አለ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉም የተከሳሽ ወይም የዐቃቤ ሕግ ዘመድና ራሱ ምስክር የሆነ ሰው እንዳያስተረጉም ይከለክላል። ሆስፒታል ይህን ደንብ ቢዋስ እንዴት ጥሩ ነበር!

ተርጓሚው የሚፈለገው ወረቀት ሲንቀሳቀስ ነው። እዚህ በኦሮምኛ የተሰጠ ፍርድ ወደ ፌዴራል ሰበር ሲሄድ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ለሆስፒታልም የስምምነት ቅጽና የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ አለ። ሥራው የማያቋርጥ ስላልሆነ በጎን ያዢው።

ለመጀመር ከሬዲዮ ዜና ሁለት ደቂቃ አዳምጪና ስም፣ ቁጥርና ቀን ብቻ ማስታወሻ ላይ ጫር ጫር አድርገሽ፣ ቀሪውን ከጭንቅላትሽ በሌላው ቋንቋ ድገሚው። ድምፅሽን ቅጂና ከዋናው ጋር አስተያዪው። ቁጥሩ ከተዛባ ገና ነሽ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚዛባው ቁጥር የኪኒን ቁጥር ነው።