አመልካች የሚጠፋው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ነው

«የሂሳብ ሠራተኛ ስንቀጥር ከማስታወቂያ እስከ ፊርማ ሁለት ወር ይፈጅብናል። ጥሩ ጥሩዎቹ መሃል ላይ ሌላ ቦታ ይገባሉ። እንዴት እናቆያቸው?»

አብዛኞቹን የምታጧቸው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ቃለ ጉባኤው ፊርማ ሲጠብቅ ይመስለኛል። እናንተ ጋ ጉዳዩ እየሄደ ነው፤ አመልካቹ ጋ ግን ስልኩ ዝም ብሏል።

«በቅርቡ እናሳውቃለን» የሚለውን አውጡት። በምትኩ የምትደውሉበትን ቀን ስጡ፦ «ውጤቱ ለማጽደቅ ቀርቧል። ቢጸድቅም ባይጸድቅም ጥቅምት 14 ዓርብ እንደውላለን።» ቃል የምትገቡት መደወሉን እንጂ ውሳኔውን አይደለም፤ ፊርማው በእጃችሁ አይደለማ። ዓርብ ደርሶ ምንም ካልተለወጠ ያንኑ ተናገሩ፣ ምክንያቱን ጨምሩ፣ ሌላ ቀን ስጡ። ለሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ በአጭር መልእክት አይሆንም፣ ይደወል። ይህ እንዲሠራ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ኤክሴል ላይ ስም፣ ስልክ፣ ያለበት ደረጃና ቀጣይ የመገናኛ ቀን ይበቃል። ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን በቀጣይ የመገናኛ ቀኑ ቅደም ተከተል አስተካክሎ የዛሬዎቹን ያነጋግራል።

ቀጠሮ ላይ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። «3፡00» ብላችሁ የስልክ ካላንደር ላይ ስትሞሉ፣ ስልኩ የሚይዘው ሌሊት 9 ሰዓትን ነው። «ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3፡00» ብላችሁ ጻፉና ካላንደሩ ላይ 9:00 AM ሙሉ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሙ፣ ሁለት አማራጭም ስጡ፤ አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የሂሳብ ሰው በጀት ዓመት ሲዘጋ ነው የሚውለው፤ ቀረ ብላችሁ ቶሎ አትሰርዙት።

መቼ ሥራ መጀመር እንደሚችል ቃለ መጠይቁ ላይ ጠይቁት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ርክክብና ክሊራንስ ሲጨመርበት ይረዝማል። የቅጥር ደብዳቤው እጁ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳያስገባም በግልጽ ንገሩት።

አንደኛው እስኪፈርም ሁለተኛውን አታሰናብቱ፣ ግን አትሸፋፍኑበትም፦ «ተጠባባቂ ነህ፤ እስከ ጥቅምት 25 ቁርጡን እንነግርሃለን።» ሌላ ቦታ ከተጠራ ሊሄድ ይችላል፣ መብቱ ነው።

አስተያየትን በተመለከተ፣ በጽሑፍ ፈተና ለወደቀ ያመጣውን ነጥብና የማለፊያውን በአጭር መልእክት መላክ በቂ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የደረሰ ግን ስልክ ይገባዋል። «ልምድህ አነስተኛ ነው» ብትሉት የሚያስተካክለው ነገር የለም፣ ልምዱን ከመጀመሪያውም ማስረጃው ላይ አይታችሁታል። ከነጥብ መስጫ ቅጹ አንድ ነገር አንሱ፦ «ባንክ ማስታረቂያው ላይ ገና ያልተመነዘሩትን ቼኮች ከእኛ መዝገብ ቀነስካቸው፤ መቀነስ የነበረባቸው ከባንኩ መግለጫ ነው።» ከሌላ አመልካች ጋር አታወዳድሩ፤ የዚያኛው ውጤት የእሱ ጉዳይ አይደለም፣ ወደ ክርክርም ይወስዳችኋል። ቅጹ ላይ የገምጋሚዎቹ ማስታወሻ ከሌለ ደግሞ የምትነግሩት አይኖራችሁም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገምጋሚ ከነጥቡ ጎን አንድ መስመር ሳይጽፍ ከክፍሉ አይውጣ።