ሁለት አምስተኛ
ጥያቄ፦ «አዲስ መምህርት ነኝ። በደቂቃ የከፋፈልኩት ዕቅድ ክፍል ውስጥ ሲበላሽብኝ ምን ላድርግ?»

እህቴ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር የጀመረች ሰሞን የገጠማትን ልንገርሽ። 40 ደቂቃዋን ሸንሽናለች፤ 5 ለክለሳ፣ 15 ለገለጻ፣ 15 ለቡድን ሥራ፣ 5 ለምዘና። ለክለሳ 1/2 + 1/3 ሰጠች። ዞር ዞር ብላ ደብተር ስታይ አብዛኛው 2/5 ብሏል። ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምረው ነው።

ገለጻውን ተወችው። «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲጨመርበት ያንሳል እንዴ?» ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም ወረቀት ለሁለት፣ ቀጥሎ ለሦስት አጠፈ። ሲዘረጋ ስድስት ክፍል ሆነ። ግማሹ 3፣ ሲሶው 2። «አምስት ስድስተኛ!» አለ አንዱ ከኋላ።

የቡድን ሥራው ለነገ አደረ። ምዘናውን ግን አልዘለለችም፤ እኔ የወደድኩላት ይህን ነው። 1/2 + 1/4ን በቁራጭ ወረቀት አሠርታ ሰበሰበች።