ቤቱና ሱቁ ከመከፈላቸው በፊት የእናቶቹ ድርሻ ይለይ

«አባታችን ደሴ ቤትና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሦስቱ ልጆች ከሟች ሚስታቸው ናቸው፤ እኔና ታናሼ ከአሁኗ። ኑዛዜ ልጻፍ እያሉ ነው። እንዴት ቢያካፍሉ ነው ማንም የማይከፋው?»

አብሽሪ እህቴ። ይሄ ቁርጥ የኛ ቤት ጉዳይ ነው። እኔ ከትልልቆቹ ወገን ነኝ፣ ግን እውነቱን ነው የምጽፍልሽ።

1. ከማካፈል በፊት የአባትሽ የሆነውን ለዩ። አባታችን «ቤቴን ለትልልቆቹ፣ ሱቄን ለትንንሾቹ» ብለው ነው የተናዘዙት። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ይገመት ነበር፣ ሱቁ ከነዕቃው 4 ሚሊዮን። እኛ ሦስት ነን፣ እነሱ ሁለት። ለያንዳንዳችን 2 ሚሊዮን መሆኑ ነው፤ ላየው ሰው ከዚህ የተስተካከለ የለም።

ግን ቤቱ የተሠራው እናቴ በሕይወት እያለች ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የሁለቱም ስለሆነ ግማሹ የእሷ ነበር። ሳትናዘዝ ስትሞት ግማሿ ለልጆቿ ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባል የሚስቱ ወራሽ አይደለም። ሱቁ ደግሞ በሁለተኛው ትዳር ነው የተከፈተው፣ ስለዚህ ግማሹ የእንጀራ እናቴ ነው። አባታችን በኑዛዜ መስጠት የሚችሉት ከቤቱ 3 ሚሊዮን፣ ከሱቁ 2 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

እንጀራ እናቴ ግማሿን ስትጠይቅ ለትንንሾቹ አንድ አንድ ሚሊዮን ቀረ፣ እኛ ግን ሁለት ሁለት ይዘናል። «አባታችን አበላለጠን» ብለው ተነሡ። አላበላለጡም! ከሁለቱ ሚሊዮን አንዱ የእናታችን ነው፤ ከአባታችን የደረሰን ከነሱ እኩል አንድ አንድ ሚሊዮን ነው። ይሄን የሚያስረዳ አንድ መስመር ኑዛዜው ውስጥ የለም። «ቤቴ»፣ «ሱቄ» ብቻ ነው የሚለው።

አንድ ቢሮ ሄጄ የእናቴን ድርሻ ሳነሣ ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ካርታው በአባትሽ ስም ነው፣ የእናትሽን ከየት አመጣሽው?» አለኝ። እንዲህ ሲሉሽ እንዳትደነግጪ። ካርታው በአንዱ ስም ስለሆነ ንብረቱ የሱ ብቻ አይሆንም። የግሌ ነው የሚል ነው ማስረዳት ያለበት።

አባትሽ ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ሱቁ መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ በግልጽ ያጽፉ። በእናትሽ ጊዜ ጓሮ የተሠራ ሰርቪስ ካለ እሱም ለብቻው ይጠቀስ። እኛ ጋ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሳይጠቀስ ቀርቶ ስንት ተጨቃጨቅንበት መሰለሽ።

2. ሱቁን ስትገምቱ ዕዳውን ቀንሱ። የዱቤ ዕቃና ግብር ካለ ከውርሱ ላይ ቀድሞ ነው የሚከፈለው። መደርደሪያው በጣቃ ሞልቶ ግማሹ የነጋዴ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

3. አጻጻፉ። እኛን የጣለን ይሄ ነው። ኑዛዜውን የጻፈው ራፖር ጸሐፊ ገንዘቡን ጥርግ አድርጎ ተቀብሎ ዋናውን ነገር ዘለለው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። አለዚያ ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

የኛ አራተኛ ምስክር ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዳኛው «ሲነበብ ነበሩ?» ሲላቸው «የለም ጌታዬ፣ ማታ ሱቄ አምጥተው ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው ነው ያስፈረሙኝ» አሉ። ሰውየው አይዋሹም፣ አልቀየምኳቸውም። ኑዛዜው ግን እዚያው ወደቀ። ከዚያ በኋላ የአባታችን 5 ሚሊዮን ለአምስታችን እኩል ሆነ። በብር ካየሽው ያው አንድ አንድ ሚሊዮን ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ግን ትንንሾቹ አሁን ቤቱ ላይም ድርሻ አላቸው፣ እኛም ሱቁ ላይ። መግዣ ገንዘብ ያለው ጠፋ፣ መስማማትም ጠፋ፣ ያ ቧንቧ ውሃ ያለው ቤታችን በሐራጅ ተሸጠ። እናቴ ድንጋዩን ቆማ ያስጠረበችው ቤት ነው።

አባትሽ «እኔው በእጄ እጽፈዋለሁ» ካሉም ይቻላል። ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ይሁን፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ዋጋ ያጣል።

ሙስሊም ከሆናችሁና ሁላችሁም ፈቅዳችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ ሚስትም ትወርሳለች፣ ኑዛዜ ከሲሶ አያልፍም፣ ለወራሽ መናዘዝም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይሆንም። የት እንደምትሄዱ ከመጻፉ በፊት ተስማሙ።

ምስክር ስትመርጡ ልጅም አማችም አይሁን፣ ከኑዛዜው የሚያገኝ ሰው ከሆነ ሌላ ክርክር ይመጣል። አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ተነቦላቸው፣ እዚያው ፈርመው ይውጡ። ማንንም ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ እንዳታስፈርሙ።