ከፔይስሊፕ ፎቶ ቁጥር ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ፎቶውን በፕሮግራም አስነበብኩት። ጠቅላላ 20,000፣ ጡረታ 1,260፣ ግብር 3,350፣ ብድር 1,500፣ የተጣራ 13,390 አለኝ። ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። የቱ ነው የተሳሳተው?

መጀመሪያ ልዩነቱን አውጣ። ሦስቱ ተቀናሾች ሲደመሩ 6,110 ናቸው፣ ስለዚህ የተጣራው 13,890 መሆን ነበረበት። ድፍን 500 ልዩነት አለ። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ምናልባት መቶ ቤት ላይ አንድ አሃዝ በ5 ተዛብቷል። ግብሩም የተጣራውም እዚያ ቦታ 3 አላቸው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ደግሞ 8 በቀላሉ 3 ሆኖ ይነበባል። የጡረታው 2ም 7 ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን መነሻ ደመወዝህ 18,000 ከሆነና ስሊፑ 7% ካለ 1,260 ልክ ነው። ሁለቱንም አጉልተህ እያቸው፤ ወይ ግብሩ 3,850፣ ወይ የተጣራው 13,890 ሳይሆን አይቀርም። ሳታይ ግን አታርመው። 500 የሆነ ሌላ መስመር ጭራሽ ተዘሎም ሊሆን ይችላል። ስሊፑ ላይ «ጠቅላላ ተቀናሽ» 6,610 የሚል ካለ ከመስመሮቹ ጋር አስተያየው።

እኔ እንኳ ከጠቅላላው ተቀናሹ ተነስቶ የተጣራው ከመጣ በቃ፣ ሁሉም ልክ ነው ባይ ነኝ።

ግማሹ እውነት ነው። የቁጥር ስህተትን አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። የስም ስህተትን ግን አይዝም። ፎቶው ትንሽ ጋደል ካለ ስሞቹና ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ይንሸራተታሉ። የግብሩ ገንዘብ ጡረታ ተብሎ ይመዘገባል፣ ድምሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጡረታውን ከመነሻ ደመወዙ ጋር በመቶኛ ለየብቻ አስላው።

የእኔ ላይ ጡረታ ሁለት ቦታ አለ፣ 1,260 እና 1,980። ልደምራቸው?

አትደምሪያቸው። ሁለተኛው የአሠሪው ድርሻ ይመስላል፤ ከ18,000 ላይ 11% ነው። አሠሪው ከራሱ ስለሚከፍለው ከደመወዝሽ አይቀነስም። አሁንም ሒሳቡ ይለየዋል፤ የተጣራውን የሚያመጣው 1,260ው ብቻ ከሆነ ያንቺ እሱ ነው።

ስሞቹ በሙሉ ከላይ፣ ቁጥሮቹ በሙሉ ከታች ሆነው ይወጡብኛል።

ፕሮግራሙ ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ ስላነበባቸው ነው። በቴሰራክት ከሆነ ገጹን እንደ አንድ ወጥ ጽሑፍ እንዲያየው ንገረው፤ የአማርኛው ፋይል መጫኑንም አረጋግጥ።

```
tesseract slip.png out -l amh+eng --psm 6
```

የሠንጠረዡ መስመሮች ካስቸገሩ የተቀናሾቹን ክፍል ብቻ ቆርጠህ አስነብበው።

የእኔ መሥሪያ ቤት ግብር አብዝቶ ይቆርጥብኛል። ግብሩ ከደመወዜ በላይ ሆኖ የታየበት ስሊፕ ሁሉ አለኝ! ይሄስ?

አብዝቶ መቁረጡን ፎቶው አይነግረንም፤ የተቆረጠውን እንጂ መቆረጥ ያለበትን አያሳይም። ከደመወዝ የበለጠው ግን ከዓመቱ መጀመሪያ የተጠራቀመው ድምር ይመስለኛል። ከወሩ ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ አለ ወይ? ርዕሱ ተቆርጦ ከሆነ ፎቶውን እንደገና አንሳው።